ሙሉ በሙሉ የታሰረ ስኬች በሶሊድወርክስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹን በሙሉ በአንድ ዕቃ ላይ ይዤ እመልሳለሁ፤ ዕቃ ሳይያዝ ሲወራ ነገሩ አይጨበጥም። ዕቃው ኔማ 23 የሚባለውን ስቴፐር ሞተር የሚሸከም የብረት ላሜራ ነው። ትንሽ ሲኤንሲ ማሽን የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ላሜራው 100 በ80 ሚሊሜትር ነው። መሀሉ ላይ የሞተሩ ክብ አንገት የሚገባበት 38.2 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለው፤ አንገቱ ራሱ 38.1 ነው። በዙሪያው ኤም 5 ቡሎን የሚያልፍባቸው አራት ባለ 5.5 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች አሉ። ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ያለው ርቀት፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም፣ 47.14 ሚሊሜትር ነው።

ስኬች «ሙሉ በሙሉ ታሰረ» የሚባለው መቼ ነው?

ከስኬቹ ውስጥ አንድም ነጥብ፣ አንድም ራዲየስ በራሱ ፈቃድ ሊለወጥ የማይችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። የሚያስሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በቁጥር የምትሰጡት ልክ፣ ማለትም ዳይሜንሽን፣ እና ያለ ቁጥር የምትናገሩት ግንኙነት፣ ማለትም ሪሌሽን። «ይህ መስመር አግድም ነው»፣ «እነዚህ ሁለት ክቦች እኩል ናቸው»፣ «ይህ ነጥብ የዚያ መስመር መሀል ላይ ነው» የሚሉት ሪሌሽኖች ናቸው።

ሶሊድወርክስ ሁኔታውን በሦስት ቦታ ያሳያል። ያልታሰረው በሰማያዊ፣ የታሰረው በጥቁር ይሣላል። ስኬቹ ክፍት ሳለ ከታች በስተቀኝ Under Defined ወይም Fully Defined የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ስኬቹ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በግራ በኩል ባለው ዝርዝር ከስሙ በፊት (-) ምልክት ካለ ያልታሰረ ነገር ቀርቷል፤ ምልክት ከሌለ ታስሯል። ቀለሙን ሰው ከቅንብሩ ሊቀይረው ስለሚችል እኔ የማምነው ጽሑፉን ነው።

ቅርጹ ልክ ነው፣ ኤክስትሩድም ሆኖልኛል። ታዲያ ሰማያዊ ቢቀር ምን ይጎዳል?

ይህን የተማርኩት በዚሁ ላሜራ ነው። አራቱን የቡሎን ቀዳዳዎች እርስ በርሳቸው አስሬያቸው ነበር፤ 47.14 በሁለቱም አቅጣጫ ተጽፏል፣ አግድሙና ቁልቁሉም ተይዟል። ከላሜራው መሀል ጋር ግን አላሰርኳቸውም። አራቱ አንድ ላይ ሆነው እንደ ትሪ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት ይችሉ ነበር። መሀል ላይ ያሉ ይመስሉ ስለነበር ሰማያዊውን ችላ አልኩት።

ሌላ ነገር ለማስተካከል ስኬቹን ስከፍት አንዱ ክብ በማውሱ ተያዘና አራቱም 0.8 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ሄዱ። 0.8 ሚሊሜትር በስክሪን ላይ በዓይን አይታይም። ድሮዊንጉ ላይም 47.14 ያው 47.14 ነው። ከግራው ጠርዝ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ 26.43 መሆን የነበረበት 27.23 ሆኖ ታተመ፤ 27.23 በራሱ ስህተት የሚመስል ቁጥር አይደለም። ላሜራው በሌዘር ተቆርጦ መጣ። የሞተሩ አንገት ገባ፤ ቡሎኖቹ ግን አልገባ አሉ። ቡሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ወደ አንድ ጎን የሚኖረው ክፍተት 0.25 ነው፣ አንገቱ ያለው ደግሞ 0.05። ተደምሮ 0.3 ቢሆን ነው፤ 0.8 አይሸከምም። አራቱንም ቀዳዳ በክብ ሞረድ አሰፋን።

የማውሱ ነገር ግን ከችግሩ ግማሹ ብቻ ነው። ፓራሜትሪክ ሞዴል ማለት አንድ ቁጥር ሲቀየር ሌላው ሁሉ እንደገና የሚሰላበት ሞዴል ነው። ሶሊድወርክስ የሰጣችሁትን ዳይሜንሽንና ሪሌሽን እንደ ቀመር ይዞ ሁሉንም የሚያሟላ አቀማመጥ ይፈልጋል። ቀመሩ ካነሰ ትክክል የሆነው መልስ አንድ አይደለም፤ ቁጥር ስፍር የለውም። ፕሮግራሙ ከእነዚያ አንዱን ይመርጣል፤ የሚመርጠው ደግሞ ዕቃው አሁን ካለበት ተነሥቶ እንጂ እናንተ በልባችሁ ከያዛችሁት አይደለም። ሌላ ክፍል በዚያ ስኬች ጠርዝ ላይ ተሠርቶ ከሆነ፣ ወይም ስፋቱ በቀመርና በኮንፊገሬሽን የሚቀያየር ከሆነ፣ ያ ያልታሰረ ነጥብ ተከታዮቹን ይዟቸው ይሄዳል። ስህተቱ የሚታየው ከስኬቹ ሦስት አራት ደረጃ ርቆ ስለሆነ ምንጩን መፈለግ ከባድ ነው።

ስንት ነገር እንደሚጎድለኝ በቁጥር ማወቅ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ለትንንሽ ስኬች መቁጠር የሚባለውን ያህል አድካሚ አይደለም፤ አንድ ሁለቴ በእጅ የቆጠረ ሰው ሰማያዊ ሲያይ አይደናገጥም።

አንድ ነጥብ ሁለት ነፃነት አለው፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ። ክብ ሦስት አለው፤ የመሀል ነጥቡ ሁለት፣ ራዲየሱ አንድ። በሬክታንግል መሣሪያ የተሣለ አራት ማዕዘን አግድምና ቁልቁል መስመሮቹ አብረው ስለሚታሰሩለት አራት ይቀረዋል፤ ስፋት፣ ቁመት፣ እና የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑ ሁለት።

እንግዲህ ላሜራችን፦ ውጫዊው ቅርጽ 4፣ የመሀሉ ክብ 3፣ አራቱ ትንንሽ ክቦች 12። በድምሩ 19 ነፃነት። አሁን እንሰር።

100 እና 80 ስንጽፍ 2 ይሄዳል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ረዳት መስመር ስበን የመስመሩን መሀል ከኦሪጅን ጋር በ Midpoint ስናስር ሌላ 2 ይሄዳል፤ ውጫዊው ቅርጽ አለቀ። የመሀሉን ክብ ኦሪጅን ላይ አስቀምጠን 38.2 ስንሰጠው 3። አራቱን ትንንሽ ክቦች Equal ብለን ለአንዱ 5.5 ስንጽፍ 4። አሁን 11 አስረናል፤ የቀሩት 8 የአራቱ ክቦች የመሀል ነጥቦች ናቸው። ላይኞቹን ሁለት እርስ በርስ አግድም፣ ታችኞቹን አግድም፣ ግራዎቹን ቁልቁል፣ ቀኞቹን ቁልቁል ስንላቸው 4 ይሄዳል። 47.14 በአግድም፣ 47.14 በቁልቁል፣ 2 ይሄዳል። ድምሩ 17 ነው።

የቀሩት 2 የኔን ላሜራ ያበላሹት ናቸው። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ማዶኛው በሰያፍ ረዳት መስመር ስቡና መሀሉን በ Midpoint ከኦሪጅን ጋር እሰሩ። 19 ሞላ፤ ሁሉም ይጠቁራል።

ስኬቹ ትልቅ ስለሆነ መቁጠር አይሆንልኝም። የጎደለውን እንዴት ላግኘው?

መጎተት ነው። ሰማያዊውን ነገር በማውስ ይዛችሁ ጎትቱ፤ የሚንቀሳቀስበት መንገድ የጎደለውን ይናገራል። ሙሉው ቅርጽ እንዳለ ከተንሸራተተ ከኦሪጅን ወይም ከሌላ የማይንቀሳቀስ ነገር ጋር አልታሰረም፤ ከማየው ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ከዞረ አግድም ወይም ቁልቁል የሚለው ጎድሏል። ባለበት ቆሞ ከሰፋ ወይም ከጠበበ አንድ ዳይሜንሽን ጎድሏል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚፈለገው።

ስትጎትቱ ከመስመሩ ይልቅ ጫፉን ያዙ፤ ለክብ ደግሞ ሁለቱንም ሞክሩ። የመሀል ነጥቡን መጎተት ቦታውን፣ ዙሪያውን መጎተት ራዲየሱን ይፈትናል። ካያችሁ በኋላ Ctrl+Z መጫንን አትርሱ፤ ሲፈትን ቆይቶ ሳይመልስ የሚዘጋ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ጎትታችሁ ካልለየላችሁ Smart Dimension ያዙና በጠረጠራችሁት አቅጣጫ ልክ ለመስጠት ሞክሩ። ፕሮግራሙ ያለ ጥያቄ ከተቀበለው በዚያ አቅጣጫ ነፃ ነበር፤ ጎድሎ የነበረው ያ ነው። ዳይሜንሽኑን Driven ላድርገው ወይ ብሎ ከጠየቀ ግን ያ አቅጣጫ ቀድሞ ታስሯል፤ ሰርዙና ወደ ሌላው ሂዱ። በላሜራው ላይ ከግራ ጠርዝ ወደ ቀዳዳ ልክ ብሰጥ ኖሮ ዝም ብሎ ይቀበለኝ ነበር፤ መልሱ እዚያ ነበር።

የተሰጡትን ሪሌሽኖች ለማየት ከ View ምናሌ Hide/Show ገብታችሁ Sketch Relations ን አብሩ፤ በየመስመሩ አጠገብ ትንንሽ አረንጓዴ ምልክቶች ይወጣሉ። አግድም መሆን የነበረበት መስመር ምልክት ከሌለው ለዓይን አግድም ይምሰል እንጂ አይደለም።

መስመሮቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው፤ ጽሑፉ ግን Under Defined ይላል። ለምን?

ጫፎቹን አጉልታችሁ እዩ። አንድ መስመር የሚያልፍበት ቦታና አቅጣጫው ከታወቀ ይጠቁራል፤ የት እንደሚያልቅ ባይታወቅም። ያኔ ሰማያዊ ሆኖ የሚቀረው የጫፉ ነጥብ ብቻ ነው፤ እሱም በስክሪኑ ላይ ከአቧራ አይበልጥም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ የሲሜትሪ ረዳት መስመር ጫፍ ላይ ነው። ረዳት መስመር ኤክስትሩድ ባይሆንም ይቆጠራል። ጫፉን ከጠርዝ ጋር አስሩት፣ ወይም ርዝመት ስጡት።

እዚያም ከሌለ አንድ ላይ የተደራረቡ ሁለት መስመሮች ወይም ሳይታወቅ የቀረ ቁራጭ መስመር ሊኖር ይችላል። Tools ውስጥ Sketch Tools ስር ያለው Repair Sketch እንዲህ ያለውን አጉልቶ ያሳያል።

Fully Define Sketch የሚባለውን ተጭኜ ብገላገልስ?

መሣሪያው ያለው Tools ውስጥ Dimensions ስር ነው። Calculate ስትሉት የጎደለውን ሁሉ በራሱ ሞልቶ ስኬቹን ያጠቁረዋል። እኔ እንደ መርማሪ እንጂ እንደ ሠራተኛ አልጠቀምበትም። ያስገባቸውን ልኮች አነባለሁ፤ የት የት እንዳስቀመጣቸው ሲታይ የጎደለው ምን እንደነበር ይገባል። ከዚያ Ctrl+Z ብዬ በራሴ አስረዋለሁ።

ምክንያቱም መሣሪያው የሚያውቀው ዕቃው አሁን የት እንዳለ ብቻ ነው። ተንሸራትቶ የነበረውን ላሜራዬን ብሰጠው 27.23 ብሎ ጽፎ ስህተቱን ያጸናልኝ ነበር። ስኬቹ ጥቁር ይሆናል፣ (-) ምልክቱ ይጠፋል፣ ቡሎኑ ግን አይገባም። እንዲያውም ከበፊቱ ይብሳል፤ ማስጠንቀቂያው ሰማያዊ ቀለም ስለጠፋ ተመልሶ የሚያይ አይኖርም። እናንተ ግን «መሀሉ ኦሪጅን ላይ ነው» ብትሉ ያ ቁጥር አያስፈልግም፤ ላሜራው 120 ቢሆንም ቀዳዳዎቹ መሀል ይቆያሉ።

Fix የሚለው ሪሌሽንስ?

በራሳችሁ ስኬች ላይ አትጠቀሙበት። «ባለህበት ቁም» ከማለት ሌላ ትርጉም የለውም፤ በኋላ ልክ ልስጥ ብትሉ ከእሱ ጋር ይጋጫል። አንድ የማይጠበቅ ጠባይም አለው፦ Fix የተባለ መስመር ጫፎቹ በመስመሩ ላይ ወደፊትና ወደኋላ መንሸራተት ይችላሉ። «ሁሉንም ፊክስ አደረግኩ፣ አሁንም Under Defined ይላል» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

አንድ ልክ ጨመርኩ፣ ስኬቹ ቀይና ቢጫ ሆነ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የመጨረሻውን አንሡት። በላሜራው ላይ ለምሳሌ የቀዳዳዎቹን የመሀል ነጥቦች የሚያገናኝ ካሬ በረዳት መስመር ሠርታችሁ ጎኖቹን Equal ካላችሁ፣ 47.14 አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጻፈው። ሁለተኛውን ብትጽፉ አንድን ነገር ሁለቴ ተናገራችሁ፤ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም ፕሮግራሙ አይቀበልም። ቁጥሩን ማየት ከፈለጋችሁ Driven ይሁን፤ ግራጫ ሆኖ ይነበባል፣ ግን አያስርም።

የትኛው እንደተጋጨ ካልታወቃችሁ ከታች Over Defined የሚለውን ጽሑፍ ተጫኑ፤ SketchXpert ይከፈታል። Diagnose ስትሉት የሚነሡትን አማራጮች አንድ በአንድ ያሳያል። የመጀመሪያውን ሳታነቡ አትቀበሉ፤ የሚያነሣላችሁ ዋናውን ልክ ሊሆን ይችላል።

ከ DXF ያስገባሁት ሥዕል ሁሉም ሰማያዊ ነው። አንድ በአንድ ልሰረው?

እንደ አጠቃቀሙ ነው። ልኮቹን መቀየር የምትፈልጉ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀለው ሥዕሉን ከሥር አድርጋችሁ በላዩ አዲስ መሣል ነው። የማይቀየር አርማ ወይም ጌጥ ከሆነ ደግሞ ብሎክ አድርጉት፤ ብሎክ እንደ አንድ ዕቃ ስለሚንቀሳቀስ ቦታውንና መዞሩን ማሰር ይበቃዋል። በእጅ የተሣለ ስፕላይንም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ነጥቡ ሁለት ነፃነት አለው፣ እጀታዎቹም የየራሳቸው አላቸው። ቅርጹ በዓይን የተመረጠ ከሆነ ሁለቱን ጫፎችና ታንጀንቱን አስራችሁ ሌላውን Fix ብትሉት አልቃወምም። ከላይ የከለከልኩትን የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው።

ስኬቹ ጥቁር ነው፤ ስፋቱን ስቀይር ግን ቅርጹ ተገለበጠ። እንዴት ሆነ?

ጥቁር ማለት «አሁን ባለበት አይንቀሳቀስም» ማለት ነው። ቀመሮቹ ግን ከአንድ በላይ መልስ ሊኖራቸው ይችላል። መስመርን የሚነካ ቅስት በዚህም በዚያም ጎን ሊነካው ይችላል፤ ከመስመር 10 ሚሊሜትር የራቀ ነጥብም በሁለቱም በኩል ይኖራል። ፕሮግራሙ የሚወስደው ከነበረበት የሚቀርበውን መልስ ነው። ከ100 ወደ 105 ስትሄዱ ደህና ይሆናል፤ ከ100 ወደ 20 በአንድ ጊዜ ስትዘሉ ግን ቅርቡ መልስ ሌላኛው ጎን ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ስኬቹ እንደጠቆረ አትዝጉት። ዋና ዋና ልኮቹን በእውነት ሊደርሱበት እስከሚችሉት ትንሹና ትልቁ ድረስ ቀይራችሁ እዩ። ላሜራውን 100 የነበረውን 70 አድርጌ፣ ከዚያ 150 አድርጌ፣ ቀዳዳዎቹ መሀል መቅረታቸውን አያለሁ። ካልቀሩ የጎደለ ገደብ የለም፤ የተመረጠው ገደብ ግን የተሳሳተ ነው። ለምሳሌ ቀዳዳዎቹን ከግራ ጠርዝ 26.43 ብዬ አስሬ ከሆነ ስኬቹ በሚገባ ጥቁር ነው፤ ላሜራው ሲሰፋ ግን ሞተሩ ወደ ግራ ቀርቶ ይታያል። ያኔ የሚቀየረው ቁጥሩ አይደለም፣ ማሰሪያው ነው።

ያልታሰረ ስኬች እንዳልጠቀም ፕሮግራሙ ቢከለክለኝ?

ይቻላል። በ System Options ውስጥ Sketch ገጽ ላይ Use fully defined sketches የሚል ምርጫ አለ። ከበራ ያልታሰረ ስኬች ኤክስትሩድም ሌላም አይሆንም። ለጀማሪ አብሩለት፤ ሁለት ሳምንት ያናድደዋል። ስፕላይን የሚያዘወትር ሰው ግን ሥራው ስለሚቆምበት ቢያጠፋውና ሞዴሉን ከማስረከቡ በፊት በግራው ዝርዝር ላይ (-) ያለባቸውን ከላይ እስከ ታች ቢያይ ይሻለዋል።